የበሬ ሥጋና እህል በውሃ ሲመዘኑ፦ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ንጽጽሩ የተሳሳተበት ፖስተር

## ጉዳዩ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፖስተር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ምሳ የሚያቀርብ ካፌ አለው፤ በቀን 400 ያህል ሰው ይመገብበታል። ውሃ ለመቆጠብ ሲባል በሳምንት አንድ ቀን የበሬ ሥጋ ቀርቶ በእህል ምግብ እንዲተካ ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያመጣችው ወጣት ሠራተኛ ፖስተሩንም ራሷ ሠራችው። በትልልቅ ፊደል የተጻፈው "በአንድ ምሳ ብቻ 661,008 ሊትር ውሃ እናድናለን!" የሚል ነበር።

ፖስተሩ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። ዕድሜያቸውን በመስኖ ሥራ ያሳለፉ አንድ ባልደረባ ፊቱ ቆመው በጥሞና አነበቡትና "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ የሚድነው ከየት ነው? ከወንዝ ነው፣ ከጉድጓድ ነው፣ ወይስ ከደመና?" ብለው ጠየቋት። መልስ አልነበራትም። እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው። የካፌው ኃላፊ ስሌቱን እንዳይላት ጠየቀችኝ።

ይህን ጉዳይ ልጽፈው የወሰንኩት በአንድ ምክንያት ነው። ፖስተሩ ላይ የነበሩት መነሻ ቁጥሮች በሙሉ ትክክል ነበሩ። ማባዛቱም ትክክል ነው። የተሳሳተው ምን ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ነው፤ ይህ ስህተት ደግሞ በዚህ ርዕስ ላይ በጣም ስለሚደጋገም ከነስሌቱ ቢቀመጥ ይሻላል።

## ቁጥሮቹ ከየት መጡ

አንድ ኪሎ ስንዴ ደረቅ ነው። እጅ አያረጥብም። ግን እስኪበቅልና እስኪያፈራ ድረስ ብዙ ውሃ ወስዷል። ይህን በምርቱ ውስጥ የማይታይ ውሃ ቨርቹዋል ውሃ ይሉታል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቶኒ አለን ነው። ውሃ ያጠራቸው የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች እንዴት እንደሚኖሩ ሲያጠና፣ እህል ከውጭ ሲያስገቡ እህሉን ለማምረት የሚያስፈልገውን ውሃም አብረው እንደሚያስገቡ አስተዋለ። በ2008 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት ተሰጠው።

ከዚያ በ2002 ሆላንዳዊው አርየን ሁክስትራ የውሃ አሻራ የሚለውን መለኪያ አመጣ። እሱና መስፍን መኮንን የሰብሎችንና የእንስሳት ውጤቶችን አሻራ አንድ በአንድ አሰሉ፤ መረጃው ከ1996 እስከ 2005 ያሉትን ዓመታት የዓለም አማካይ ይይዛል። ልጅቷ የተጠቀመችው እነዚህን ቁጥሮች ነው። የበሬ ሥጋ በኪሎ 15,415 ሊትር፣ እህል ደግሞ በአማካይ 1,644 ሊትር።

እሷ ያላየችው ግን እያንዳንዱ ቁጥር የሦስት ነገሮች ድምር መሆኑን ነው። አረንጓዴው ውሃ ዝናብ ነው፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ተክሉ የሚጠቀምበትና ተመልሶ የሚተነው። ሰማያዊው ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከከርሰ ምድር ተወስዶ ወደመጣበት ያልተመለሰ ውሃ ነው፤ ለምሳሌ መስኖ። ግራጫው ትንሽ ለየት ይላል። በማዳበሪያና በመሳሰሉት የቆሸሸውን ውሃ ተቀባይነት ወዳለው የጥራት ደረጃ ለማቅጠን የሚያስፈልገው መጠን ነው እንጂ በእጅ የሚለካ ውሃ አይደለም።

ሲበተኑ እንዲህ ይሆናሉ። የሥጋው 15,415 ሊትር ውስጥ 14,414ቱ አረንጓዴ፣ 550ው ሰማያዊ፣ 451ዱ ግራጫ ነው። የእህሉ 1,644 ሊትር ውስጥ ደግሞ 1,232 አረንጓዴ፣ 228 ሰማያዊ፣ 184 ግራጫ አለ።

## በሬው የጠጣው አይደለም

ስሌቱን ከማየታችን በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ካፌው ውስጥ ፖስተሩን ያነበበ ሰው ሁሉ "በሬ ይሄን ሁሉ ውሃ ይጠጣል እንዴ?" ይል ነበር። አይጠጣም። ውሃው ያለው መኖው ውስጥ ነው።

ለዚህ በጥናቶቹ ውስጥ የሚታወቅ አንድ ምሳሌ አለ። በዘመናዊ እርባታ አንድ ከብት ለእርድ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ 200 ኪሎ ያህል አጥንት የሌለው ሥጋ ይወጣዋል። በሦስቱ ዓመት 1,300 ኪሎ ያህል እህልና እህል ነክ መኖ፣ 7,200 ኪሎ ሣር፣ ድርቆሽና የመሳሰለውን ይበላል። 24 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይጠጣል። ለማጠቢያና ለጽዳት 7 ሜትር ኪዩብ ይወጣል።

ለአንድ ኪሎ ሥጋ ሲካፈል፣ 6.5 ኪሎ እህል፣ 36 ኪሎ ሣርና ድርቆሽ፣ 155 ሊትር የመጠጥና የማጠቢያ ውሃ ማለት ነው። አሁን በግርድፉ እናጣራው። እህል ነክ መኖ በኪሎ ወደ 1,000 ሊትር፣ ሣርና ድርቆሽ ወደ 200 ሊትር አሻራ አላቸው።

```
6.5 × 1,000 = 6,500
36  ×   200 = 7,200
መጠጥና ማጠቢያ =   155
ድምር        = 13,855 ሊትር ለአንድ ኪሎ ሥጋ
```

ከ15,415 ብዙም አልራቀም። በወረቀትና በእርሳስ ለተሠራ ማጣሪያ ይህ በቂ ነው፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያሳያል። ከብቱ የጠጣው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሥጋን የውሃ አሻራ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከብቱ ምን ያህል መኖ በልቶ አንድ ኪሎ ሥጋ ሰጠ፣ መኖውስ የት በምን ውሃ በቀለ።

## የመጀመሪያው ችግር፦ ኪሎ በኪሎ

ፖስተሩ የተሠራው እንዲህ ነበር። ለአንድ ሰው 120 ግራም ሥጋ፣ ለ400 ሰው 48 ኪሎ። 48 ሲባዛ በ15,415 ከ739,920 ሊትር ጋር እኩል ነው። 48 ኪሎ እህል ደግሞ 78,912 ሊትር። ልዩነቱ 661,008።

መጀመሪያ ወጥ ቤቱ ሄጄ 48 ኪሎው ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ ብዬ ጠየቅኩ። ጥሬ ነበር፤ እሰየው። ሥጋ ሲበስል ውሃ ያጣል፣ እህል ሲበስል ውሃ ይመጥጣል፤ ከሳህን ላይ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ገና ከጅምሩ ይበላሽ ነበር።

ግን 48 ኪሎ ሥጋን በ48 ኪሎ እህል የሚተካ ማን ነው? ሰው የሚበላው ክብደት አይደለም። ኃይልና ፕሮቲን ነው። በእነዚሁ ጥናቶች ውስጥ በኪሎ የበሬ ሥጋ 1,513 ኪሎካሎሪና 138 ግራም ፕሮቲን፣ እህል ደግሞ 3,208 ኪሎካሎሪና 80 ግራም ፕሮቲን ተይዞላቸዋል። በዚህ መሠረት ድጋሚ አሰላነው።

```
ሥጋው የሚሰጠው፦
48 × 1,513 = 72,624 ኪሎካሎሪ
48 × 138   =  6,624 ግራም ፕሮቲን

እኩል ካሎሪ ለማግኘት፦
72,624 ÷ 3,208 = 22.64 ኪሎ እህል
22.64 × 1,644  = 37,220 ሊትር

እኩል ፕሮቲን ለማግኘት፦
6,624 ÷ 80    = 82.8 ኪሎ እህል
82.8 × 1,644  = 136,123 ሊትር
```

ከሥጋው 739,920 ሊትር ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ በካሎሪ 20 እጥፍ ያህል፣ በፕሮቲን 5 እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። በክብደት 9 እጥፍ ተኩል ያህል ነበር። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱም የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ሥጋ የሚበላው በዋናነት ለፕሮቲኑ ነው ካልን፣ ለዚህ ካፌ የሚሠራው የፕሮቲኑ ስሌት ነው።

እሱም ቢሆን ሳህን ላይ ሲታይ ያስቸግራል። 82.8 ኪሎ ለ400 ሰው ሲካፈል 207 ግራም ደረቅ እህል ነው፤ ይህ ከምሳው ጋር ቀድሞውንም ከሚቀርበው እህል በላይ የሚጨመር ነው። 664 ኪሎካሎሪ ይዞ ይመጣል፤ የ120 ግራም ሥጋው ግን 182 ያህል ብቻ ነበር። ማን ይጨርሰዋል? ኃላፊዋ ቁጥሩን እንዳየች "ይሄን ሳህን ማንም አይጨርሰውም፣ ግማሹ ይደፋል" አለች። ልክ ነበረች። በዚያ ላይ የእህል ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ስለዚህ ግራም በግራም እኩል ቢሆን እንኳ በጥራት እኩል አይሆንም።

## ሁለተኛው ችግር፦ የትኛው ውሃ?

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ ደረስን። ውሃው የሚድነው ከየት ነው?

ከሥጋው አሻራ ውስጥ ከመቶ 93 የሚበልጠው ዝናብ ነው። አንድ የግጦሽ መሬት በዓይነ ሕሊናችሁ ይታያችሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ ሣሩ ይጠጣዋል፣ ይተናል። እኛ ዛሬ ሥጋ ብንተው ያ ዝናብ ወደ ማንም ቧንቧ አይገባም። ሣሩ ይበቅላል፣ ውሃውም ይተናል። መሬቱ ሌላ ሰብል የማይበቅልበት ተዳፋት ወይም ድንጋያማ ከሆነ "ተቆጠበ" የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። መኖው ታርሶ በሚዘራ መሬት ላይ የበቀለ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ላይ ያው ዝናብ ለሰው የሚሆን እህል ማብቀል ይችል ነበር። አረንጓዴ ውሃ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዋጋው የሚታወቀው መሬቱ ሌላ ምን ሊያበቅል ይችላል በሚለው ነው፤ ከጉድጓድ ከተሳበ ሊትር ጋር ደምሮ "አዳንን" ማለት ግን ትክክል አይደለም።

ስለዚህ ሰማያዊውን ብቻ ለይተን አሰላን። ሁላችንንም ያስደነገጠን ይሄኛው ነው።

```
ሥጋ         48   × 550 = 26,400 ሊትር
እህል በካሎሪ  22.64 × 228 =  5,162 ሊትር
እህል በፕሮቲን 82.8 × 228 = 18,878 ሊትር
```

በፕሮቲን እኩል ካደረግናቸው የሚድነው ሰማያዊ ውሃ 7,522 ሊትር ብቻ ሆነ። ከ661,008 ወደ 7,522! ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ከዓለም እህል ቀላል የማይባለው ክፍል በመስኖ ነው የሚመረተው፤ ከአሻራው ውስጥ የሰማያዊው ድርሻ ከመቶ 14 ያህል ነው። የሥጋው ግን ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም።

ልጅቷ በጣም አዘነች። "እና ሐሳቡ በሙሉ ስህተት ነበር ማለት ነው?" አለችኝ። አልነበረም። የተበላሸው መተኪያው ነበር።

## መፍትሔው ከየት መጣ

ቀጥሎ ያደረግነው ጥራጥሬን ወደ ስሌቱ ማስገባት ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ አተር። ልጅቷ ቀድሞ ጥራጥሬን የተወችው በኪሎ 4,055 ሊትር የሚለውን አይታ "ከእህል በሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል" ብላ ነው። ኪሎ በኪሎ የማወዳደር ችግር እዚህም አሳስቷታል። ጥራጥሬ በኪሎ 215 ግራም ፕሮቲን አለው። ያንኑ 6,624 ግራም ለማግኘት 30.8 ኪሎ ይበቃል፤ ለአንድ ሰው 77 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ማለት ነው። ይሄ ሳህን ላይ ይገባል፣ ሰውም ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ላይሲን እህል የሚያንሰው፣ ጥራጥሬ ግን ያለው ነገር ስለሆነ ምሳው ላይ ካለው እህል ጋር ይደጋገፋሉ።

ጠቅላላ አሻራው 124,894 ሊትር ነው፤ ከእህሉ ትንሽ ያነሰ። ሰማያዊው ግን 30.8 ሲባዛ በ141 ነው፤ 4,343 ሊትር። በአንድ ሰው ሳህን ሲታይ ሥጋው 66 ሊትር ሰማያዊ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ጥራጥሬው 11 ሊትር ያህል።

ያልተመቸንንም አልደበቅነውም። የጥራጥሬ ግራጫ አሻራ በኪሎ 734 ሊትር ነው። ለ30.8 ኪሎ 22,607 ይሆናል፣ የሥጋው ደግሞ 21,648። በዚህ በኩል ጥራጥሬው አይሻልም፣ እንዲያውም በትንሹ ይብሳል። ስለዚህ አዲሱ ፖስተር ላይ ስለ ውሃ ብክለት ምንም አልተጻፈም፤ የምንለው አልነበረንም።

## የሠራውና ያልሠራው

አዲሱ ፖስተር አጭር ነበር። "አንድ ሳህን በሥጋ፦ 66 ሊትር ከወንዝና ከጉድጓድ። ያው ሳህን በጥራጥሬ፦ 11 ሊትር። የዓለም አማካይ።" ይሄ ሠራ። ሰው ቆሞ ያነበዋል፤ የመስኖ ባለሙያውም ተቃውሞ አላነሡም፤ "አሁን ከየት እንደሆነ ገባኝ" አሉ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን የጥራጥሬ ምሳ ይቀርባል።

ሦስቱን የውሃ ዓይነቶች የሚያብራራ ሌላ ገጽ አጠገቡ ለጥፈን ነበር። ማንም አላነበበውም። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ የሚለው ቃል ምግብ ተሸክሞ ለሚያልፍ ሰው ቀለም ነው እንጂ ውሃ አይደለም። "ከወንዝና ከጉድጓድ" ስንለው ግን ወዲያው ገባው።

ያልሠራ ሌላም ነገር አለ፣ ይሄ ሊያሳስተን ጥቂት ነው የቀረው። አንድ የኮሚቴ አባል "ሥጋውን ከመተው ከግጦሽ ከብት ወደ ማድለቢያ ከብት ብንቀይርስ?" አለ። ቁጥሩን ይዞ ነው የመጣው፤ የግጦሽ ከብት ሥጋ በኪሎ 21,829 ሊትር፣ የማድለቢያው 10,244። ከግማሽ በታች! ሐሳቡ ሊጸድቅ ሲል ድምሩን በተነው። የግጦሹ ሰማያዊ 465፣ የማድለቢያው 683። የግጦሹ ግራጫ 243፣ የማድለቢያው 712። ማድለቢያው በድምር የሚያሸንፈው ከብቱ ቶሎ ስለሚደልብና ለአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ መኖ ስለሚበላ ነው፤ የሚቀንሰው ግን ዝናቡን ነው። መኖው የታረሰ፣ አንዳንዴ በመስኖ የለማ፣ ማዳበሪያ የገባበት እህል ስለሆነ ከወንዝ የሚወሰደውና የሚበከለው ውሃ ይጨምራል። ውሃ ለማዳን ተብሎ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ወደሚወስደው ሥጋ ልንሄድ ነበር።

ሥጋ አቅራቢውንም ጠየቅነው። ከብቶቹ ግጦሽ ላይ አድገው መጨረሻ ላይ ጥቂት ወራት እንደሚደልቡ፣ መኖውን ግን ከገበያ እንደሚገዛና የት እንደበቀለ እንደማያውቅ ነገረን። ያ መልስ ከሌለ የዓለም አማካይን ወደ እኛ ሥጋ ቁጥር መለወጥ አይቻልም። "የዓለም አማካይ" የሚለው ቃል ፖስተሩ ላይ የቀረው ለዚህ ነው፤ ልጅቷ ልታወጣው ፈልጋ ነበር፣ እኔ ግን አጥብቄ ተከራከርኩ።

## ሌላ ቦታ ሲደረግ

ተመሳሳይ ንጽጽር የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ መለኪያውን ይምረጥ። ምግቡ የሚተካው ለኃይል ከሆነ በካሎሪ፣ ለፕሮቲን ከሆነ በፕሮቲን። ከዚያ የሚወጣውን ኪሎ ለአንድ ሳህን አካፍሎ ሰው ሊበላው የሚችል መሆኑን ይይ። የእኛ 207 ግራም እህል እዚያው ላይ ነው የወደቀው።

ቀጥሎ ድምሩን ይበትን። አንድ ሰው ጠቅላላ አሻራ ብቻ ይዞ "ዳነ" ካለ፣ ዝናቡን ከመስኖው ጋር እንደደመረ ገምቱ። ጥሩ ምልክት የሚሆነው ቁጥሩ በመቶ ሺህ ሊትሮች ሲጻፍ የውሃው ምንጭ አለመጠቀሱ ነው።

የመጨረሻው ነገር ቦታው ነው። ሰማያዊ ውሃም ቢሆን ሁሉም ሊትር እኩል አይደለም። ውሃ በሞላበት ሸለቆ የተወሰደ 66 ሊትርና በሚደርቅ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተሳበ 66 ሊትር አንድ አይደሉም። ይህን ለመለየት የመኖውን መነሻ ማወቅ ያስፈልጋል። ኃላፊዋ በሚቀጥለው የአቅርቦት ውል ላይ አንድ መስመር አስገብታለች፤ አቅራቢው ለማድለቢያ የተጠቀመውን መኖ ዓይነትና የመጣበትን አካባቢ በጽሑፍ እንዲያቀርብ። መልሱ ሲመጣ ስሌቱን እንደገና እንሠራዋለን።